ስለ ተዘጋው ሰባት ቁጥር ክፍል፦ ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ሰኔ 2017 ዓ.ም.
ደቡብ ወሎ

ለተከበራችሁ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊና ባልደረቦች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የወረዳውን ስም ያልጻፍኩት አውቄ ነው። ይህን ደብዳቤ ከእናንተ ሌላ ብዙ ሰው ያነበዋል፤ የእኔም፣ ስለነሱ የምጽፋቸው ሰዎችም ማንነት በከተማችን ስም እንዲታወቅ አልፈልግም። እናንተ ግን የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ባለፈው ኅዳር ወር በሰባት ቁጥር ክፍል በር ላይ የተለጠፈችውን አንድ ገጽ ማስታወቂያ የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ።

ማስታወቂያው የሚለው አጭር ነበር። በጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ክትትል የነበራችሁ ታካሚዎች ከዚህ ወር ጀምሮ ክትትላችሁን በደሴ ሆስፒታል እንድታደርጉ ይላል። እዚያ ክፍል ስታክመን የነበረችው ሲስተር ወደ ሌላ ሥራ ተዛውራለች። ምክንያቱን በቃል ስንጠይቅ የባለሙያ እጥረት አለ፣ የእናንተም ቁጥር ትንሽ ነው ተባልን። አንዱ ባልደረባችሁ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አየኝና “ደግሞስ ደህና ትመስላላችሁ እኮ!” አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደህና እንመስላለን። ደህና ያስመሰለን ያ ክፍል ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባይፖላር የሚባለው ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሕመሙ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ጊዜ ስሜት ከልክ በላይ ይወጣና እንቅልፍም ድካምም ይጠፋል፣ ሐሳብ ይሮጣል፣ ገንዘብና ቃል ከእጅ ያመልጣል። ሌላው ጊዜ ሰውየው ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል። በሁለቱ መሀል ግን እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ሚስት አለችው፣ ዕቁብ ይጥላል፣ ለዒድ ልብስ ይሰፋል። ያሳለፍኩትን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም። ከባዶቹን ቀናት መዘርዘር አሁን እዚያው ውስጥ ላለ አንባቢ አይጠቅመውም፤ ለልጆቼም የሚበጅ አይደለም። የምጽፈው ውሳኔያችሁ ምን እንዳደረገ ለማሳየት የሚበቃውን ያህል ነው።

መጀመሪያ ስታመም ቤተሰቤ በወሎ ደንብ ሁሉንም ሞከረ። እናቴ ሸኽ ቤት ወሰደችኝ፤ ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ከጸበል ውኃ በጄሪካን አምጥታ ሰጠችን፣ እናቴም አመስግና ተቀበለቻት። ሸኹ የመድኃኒቱን ከረጢት ባዩ ጊዜ ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ “ይሄን ዋጥ፣ ዱዓውን እኛ እናደርግልሃለን።” ሁሉም እንደ እሳቸው ቢሆን ጥሩ ነበር። ጫት እየተቃመ ዱዓ በሚደረግበት ወዳጃ ላይ መቀመጥ አይከለከልም፤ የእኔ ችግር ጫቱ ነው። ጫት የሚያነቃቃ ነገር ነው፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ የእኔ ሕመም ደግሞ የሚነሣው በእንቅልፍ በኩል ነው። ይህን ያስረዳችኝ ሲስተር ናት። አቁም ብላ አልቆጣችኝም። ጫት የቃምኩበትን ቀንና የተኛሁበትን ሰዓት ጎን ለጎን አጽፋ፣ በወሩ መጨረሻ “አንተው አንብበው” አለችኝ።

የጻፍኩት በደንበኞች መለኪያ ደብተሬ ጀርባ ላይ ነው። ደብተሩ ዛሬም አለ። ፊት ለፊቱ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፤ ጀርባው ላይ ቀንና የእንቅልፍ ሰዓት። በእሷና በእኔ መካከል አንድ ስምምነት ነበረን። በተከታታይ ሁለት ሌሊት ከአራት ሰዓት በታች ተኝቼ፣ በማግስቱ ግን ካልደከመኝ፣ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እመጣለሁ። ቁም ነገሩ “ካልደከመኝ” የሚለው ነው። በሐሳብ ወይም በልጅ ለቅሶ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጠዋት ዓይኑ ይቆጠቁጠዋል፣ ይነጫነጫል። እኔ ሲጀምረኝ ሦስት ሰዓት ተኝቼ እንደ አሥር ሰዓት የተኛ ሰው ሆኜ እነሣለሁ፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ደስ ስለሚለኝ ራሴ ታምሜያለሁ አልልም። ስለዚህ ደብተሩን ሚስቴም ታየዋለች።

ይህ አሠራር ምን ያህል እንደሚይዝ ያየሁት በ2016ቱ ረመዳን ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሲስተር ጠርታ ሱሁር ላይ ስንት ሰዓት እንደምነሣ፣ ከዚያ በኋላ እንደምተኛና እንደማልተኛ ጠየቀችኝ። ጠዋትና ማታ የምወስደውን ሶዲየም ቫልፕሮኤት ከሐኪሙ ጋር በስልክ ተነጋግራ ወደ ፊጥርና ወደ ሱሁር አዞረችው። ከተራዊሕ በኋላ ቀጥታ ወደ ቤት እንድገባ ነገረችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ “3” ተጻፈ። በሦስተኛው ቀን ሰባት ቁጥር ክፍል ሄድኩ፤ ጤና ጣቢያው ከሱቄ የስምንት ደቂቃ መንገድ ነው። ለጥቂት ቀን ማታ ማታ የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት በሐኪሙ ትእዛዝ ተጨመረልኝ፣ በአምስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ተኛሁ። በዚያው አለቀ። ከሚስቴ በቀር ሰው አላወቀም፤ የዒድ ልብስ የሰጠኝ ሁሉ በቀኑ ወሰደ።

አሁን ወደ ዘንድሮው፣ ማለትም ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ ወዳለው ረመዳን ልምጣ። የመጀመሪያው ቅሬታዬ ይህ ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

የሆስፒታሉ የክትትል ቀናችን ረቡዕ ነው። የሚሰጠን መድኃኒት የ30 ቀን ነው። የእኔ ቀጠሮ መጋቢት 3 ላይ ዋለ፣ እጄ ላይ የቀረው መድኃኒት እስከ መጋቢት 4 የሚበቃ ነበር። በዚያ ሳምንት መንገዱ ተዘጋ። መንገድ ለምን እንደሚዘጋ እናንተም እኔም እናውቃለን፣ ልተወው። በተከፈተ ማግስት አርብ ነበር፤ አርብ ደግሞ የክትትል ቀን አይደለም። ስለዚህ መጋቢት 10ን ጠበቅሁ። ያለ መድኃኒት የቆየሁት አምስት ቀን ነው። ቫልፕሮኤት በጥቂት ቀን ውስጥ ከደም የሚወጣ መድኃኒት ነው፤ የወር መርፌ አይደለም፣ ስንቅ አይዝም።

መጋቢት 10 ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተሳፈርኩ። ሐኪሙ በአግባቡ አየኝ፣ ጻፈልኝ። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ግን መድኃኒቱ አልቋል አለኝ። ከውጭ ለመግዛት ሄድኩ፤ የያዝኩት ብር የ10 ቀን ብቻ ገዛ። ወደ ቤት ስመለስ መሽቶ ነበር። በዚያን ቀን ደብተሩን የከፈተው ሰው የለም። ከፍተን ጽፈንበት ቢሆን መጋቢት 8 እና 9 ላይ “3” እና “3” እናገኝ ነበር፤ በኋላ ሚስቴ አስታውሳ ሞላችው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ኑሮ ሕመሙን እንዴት እንደሚሸፍነው ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ገቡ። በእነዚያ ሌሊቶች የማይተኛ ሰው የተመሰገነ ነው። መስጊድ ውስጥ ከሁሉም በኋላ የምወጣው እኔ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ “ማሻአላህ” አለኝ። ከመስጊድ ሱቅ እገባለሁ። ከዒድ በፊት ባለው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ የማይሠራ ልብስ ሰፊ የለም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የስፌት መኪናዬ ሲጮህ የሰማ ጎረቤት “በርትቷል፣ ሥራ በዝቶለታል” ነው የሚለው። እውነትም በዝቶልኝ ነበር። ማንም ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ያየው ሁሉ ስም ነበረው፣ ዒባዳና ሥራ። ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ “ጠዋት ይደክምሃል ወይ?” ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከቦታው ተነሥቷል።

መጋቢት 17 ሌሊት የዘጠኝ ደንበኞችን ጨርቅ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ በአንድ ልኬት ቆረጥኩት። ስቆርጠው ትክክል ነበርኩ፤ በዚያ ሌሊት ጭንቅላቴ ውስጥ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ቁመት ነበረው። የአምስት ዓመት ሕፃን ሱሪና የአባቱ ሱሪ እኩል ወጡ። ጠዋት ሚስቴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክምር አየች፣ ምንም አልተናገረችም፣ መቀሱን አንሥታ ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገችና ወንድሜን ጠራች። ዒድን ያሳለፍኩት ሆስፒታል ነው። ለዘጠኙም ጨርቃቸውን ተክተናል፤ ሁለት በግና የሚስቴ ቁጠባ ሄዷል። አንደኛው ደንበኛ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ልብስ አምጥቶ አያውቅም።

ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ሌላው ፊት መጣ። የመኪናውን መርገጫ በእግሬ መጫን አልቻልኩም ስል እንዲሁ ማለቴ አይደለም፤ እግሬን አስቀምጬበት እቆያለሁ፣ አይንቀሳቀስም። መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብም መጥቶ ነበር። ይህን የምጽፈው ሲስተር ከዓመታት በፊት ያስተማረችኝ አንድ ነገር ስላለ ነው። ያኔም ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ሳለሁ በቀጥታ ጠይቃኛለች፤ “መሞትን ታስባለህ ወይ?” ብላ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሐሳቡን ያስገባል ብሎ ይፈራል። አያስገባም፤ ለእኔ ከደረቴ ላይ ድንጋይ እንደማንሣት ነበር። የዚያን ጊዜ መድኃኒቴን ሚስቴ እንድትይዘው፣ ብቻዬን እንዳልሆን፣ በየሳምንቱ እንድመጣ አደረገች። ዘንድሮ ይህን ሁሉ ያደረግነው ራሳችን ከትዝታ ነው። እኔ የሚያስታውስ ቤተሰብ ነበረኝ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ መድኃኒት ጠፍቶ፣ እኔም ሌሎችም ተቋርጦብን ታመናል። በዚያ ማንንም አልከሰስንም፤ የሁሉም ቤት ተቃጥሎ የእኔ ጣሪያ ለምን ተነካ አይባልም። የዘንድሮው ግን በብዕር የሆነ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ የእኔ አይደለም። ቤተሰቡ ፈቅደውልኝ፣ ማንነቱን የሚያሳውቀውን ለውጬ ነው የምጽፈው። ግንበኛ የሆነ አንድ ወጣት አለ። ስኪዞፍሬንያ ነው ሕመሙ፤ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ጎረቤት ያሴርብኛል ብሎ መፍራት ነበረበት። በሰባት ቁጥር ክፍል በየአራት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ፍሉፌናዚን የሚባለውን መርፌ ይወጋ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ አልቀረም፣ ቤት ሠርቷል፣ ለእናቱም ሳይቀር።

ይህን መርፌ በተመለከተ ውሳኔውን ስትወስኑ ማን እንዳማከራችሁ ማወቅ እፈልጋለሁ። መድኃኒቱ በዘይት የተበጀ ነው፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። እንደ ክትባት ፍሪጅ አይፈልግም፤ ከፀሐይ ተጠብቆ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መርፌ መውጋት የሚችል ነርስ ይወጋዋል። ለዚህ ታካሚውን በሁለት ሰዓት መንገድ ደሴ ከመላክ ብልቃጡን መላክ ይቀል ነበር። ወጣቱ ብቻውን አይሄድም፤ አስታማሚ ይዞ ሲሄድ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ ምሳና የሁለት ሰው የቀን ሥራ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህኑ መድኃኒቱን እንጂ መኪናውን አይከፍልም። በመድህን ለመታከም ደግሞ መጀመሪያ ከዚሁ ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መያዝ አለበት። ማለትም የማያክመው ጤና ጣቢያ ድረስ መጥቶ፣ እንደማያክመው የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ስለዚህ የታኅሣሡን ተወጋ፣ የጥርን አልሄደም፣ የየካቲትንም አልሄደም። ምንም አልሆነም። ዘይቱ በሰውነቱ ውስጥ ስለቆየ መድኃኒቱ የሚያልቀው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው። እናቱ “ተመስገን፣ ያለ መርፌም ዳነ” አለች፤ እኔም እሷ ቦታ ብሆን እላለሁ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ በሚያዝያ ሲመለስ መርፌው መቅረቱን ማንም አላስታወሰም። የተወራው የገነባው አዲስ ቤት ላይ ስላለ ዛር ነበር። ሰባት ቁጥር ክፍል በነበረ ጊዜ ስሙ በመዝገብ ላይ አለ፤ ቀኑ ካለፈ ሲስተር ለእናቱ ትደውላለች፣ ካላነሡ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ትነግራለች፣ እሷ በቤታቸው ስታልፍ ትጠራዋለች። ደሴ ያለው ካርድ ክፍል የቀረውን ሰው ፈልጎ አይደውልም። እንዲደውልም አይጠበቅም፤ ከየወረዳው ስንቱን ይደውል?

ቤተሰቡ እንዴት እንዳቆየው፣ እንዴት ሆስፒታል እንደደረሰ አልጽፍም፤ ለእሱ ክብር ስል። አሁን ተሽሎታል። ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የሚውጠው ሃሎፔሪዶል ተሰጠው፣ አብሮት የሚወሰደው የጎንዮሽ ጉዳቱን የሚከላከል እንክብል ግን መድኃኒት ቤቱ አልነበረውም፣ ከውጭም አልተገኘም። በሁለተኛው ቀን ማታ አንገቱ ወደ ቀኝ ተጣመመና እዚያው ቀረ፣ መንጋጋው ተያያዘ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ጂኑ ገባበት ተባለ። ወንድሙ ለእኔ ደወለ፣ እኔ ለሲስተር ደወልኩ፤ ሥራዋ አይደለም፣ ሌሊት ነው፣ ግን አነሣች። የመድኃኒቱ ጉዳት እንደሆነ፣ ለወጣት ወንዶች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያጋጥም እንደሆነ፣ ትንፋሽ እንዳይከብደው ፈጥነን ጤና ጣቢያ እንድንወስደው ነገረችን። ተረኛው ነርስ ከእሷ ጋር በስልክ እየተነጋገረ መርፌ ወጋው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንገቱ ተፈታ፣ ልጁ ቀና ብሎ ውኃ ጠየቀ። እናቱ የመድኃኒቱን ከረጢት ወደ ምድጃ ልትጥል እጇ ላይ ይዛው ነበር። ብትጥለው የሚቀጥለውን መገመት ይቻላል፣ “መድኃኒቱ አባሰበት” ተብሎ ለዘለዓለም ይቀር ነበር።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ተረኛው ነርስ ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ እንዲህ ያለ አንገት አይቶ አያውቅም። በሚቀጥለው ሌሊት የምንደውልላት ሲስተር ስልኳን ብታጠፋስ?

ሦስተኛውን ባጭሩ። ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሲያጣ ለመድህን አባል የሚሰጠው መልስ “ከውጭ ግዙ” ነው። እኔና ሁለት አስታማሚዎች የምናውቃቸው 14 የሰባት ቁጥር ታካሚዎች አሉ። ተደዋውለን ጠየቅን። ከኅዳር ወዲህ 5ቱ ሙሉ በሙሉ አቁመዋል፣ ሌሎች 3 እንደ እኔ ተቋርጦባቸው ያውቃል። ይህ የእናንተን መዝገብ አይተካም፤ መዝገቡ እናንተ ዘንድ ስላለ ሙሉውን ቁጥር ልትነግሩን የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

አራተኛ ደግሞ የአጠራር ነገር። የሪፈር ወረቀት ለመውሰድ ስንሰለፍ በረኛው “የሥነ አእምሮዎች በዚህ!” እያለ ይጠራናል። ከኋላችን ክትባት የሚያስከትቡ እናቶች ይቆማሉ፣ አንዷ ባለፈው ልጇን ወደ ጡቷ ሳብ አደረገች። ሰባት ቁጥር ክፍል ቁጥር ብቻ ነበር፤ የስኳሩም፣ የደም ግፊቱም፣ እኛም በቁጥር ነበር የምንገባው።

የባለሙያ እጥረት የሚለውን ምክንያት አልናቅሁትም። ሲስተር የተዛወረችበት ሥራ የሚጠቅም ሥራ ነው። ነገር ግን እሷ የሥነ አእምሮ ሐኪም አልነበረችም። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው፣ ባለሙያዎቹ “ኤምኤችጋፕ” እያሉ በሚጠሩት ሥልጠና ያለፈች የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሥልጠናው የተሠራውም ስፔሻሊስት በሌለበት አገር ነርሱና ጤና መኮንኑ ይህን ሥራ እንዲሠሩት ነው። ሀገራችንም በ2005 ዓ.ም. ያወጣችው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያዎች ማውረድን ነው የመረጠው። እናንተ በአንድ ገጽ ማስታወቂያ መልሳችሁ ወደ ላይ ሰቀላችሁት። ሆስፒታሉ ሊያይ የሚገባው አዲስ ታካሚን፣ የከፋበትን፣ መድኃኒት መለወጥ ያለበትን ነው። ለእኔ ዓይነቱ፣ ለወራት ያልተለወጠ ክኒን ለመውሰድ ብቻ ለሚመጣ ሰው እዚያ የሚጠፋው ቀን የእኔም የሐኪሙም ኪሳራ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ሰባት ቁጥር ክፍል ይከፈት። ሙሉ ሳምንት አንልም፤ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን፣ ከእነዚያ አንዱ የገበያ ቀን ቢሆን፣ የገጠሩ ታካሚ ለገበያ በመጣበት ይታያል። ሲስተርን መመለስ ካልተቻለ የሠለጠነ ሌላ ሰው ይመደብ፣ እሷም መዝገቡን በእጇ ታስረክብ። ሁለተኛ ሰውም አብሮ ይሠልጥን፤ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ነው በአንድ ዝውውር የፈረሰው።

የወሩ መርፌ በጤና ጣቢያው ይሰጥ፤ ያለፈበትን ሰው በመዝገብ ለይቶ መጥራትም አብሮ ይጀመር።

ሕመማቸው ለረጋ ታካሚዎች የሁለት ወር መድኃኒት እንዲሰጥ፣ ለመንገድ መዘጋትም የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ እንዲታከልበት ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋገሩልን። ይህ ለሁሉም ይሁን አንልም። በከባድ ሐዘን ውስጥ ላለ ሰው ብዙ መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት አደገኛ ነው፤ ለእሱ በሳምንት በሳምንት፣ በቤተሰብ እጅ ይሁን። የሚወስነው የሚያየው ባለሙያ ነው። ለዚህም ቅርብ ሆኖ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የምንወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የጎንዮሽ ጉዳት መከላከያው እንክብል ጭምር፣ ጤና ጣቢያው በየጊዜው በሚሞላው የመድኃኒት ጥያቄ ውስጥ ይግቡ። ያልተጠየቀ መድኃኒት እንደማይመጣ መጋዘን የሚሠራ ዘመዴ ነግሮኛል። ከኅዳር ወዲህ ተጠይቀው እንደሆነ ንገሩን።

በረኛው በቁጥር ይጥራን።

መልሳችሁን በዚያው በሰባት ቁጥር ክፍል በር ላይ ብትለጥፉት እናየዋለን። ማስታወቂያው አሁንም እዚያው አለ፣ በአንድ ጥግ ተልጦ ታጥፏል። በበኩላችን፣ ሦስት አስታማሚዎችና እኔ፣ በጠራችሁን ቀን ቀርበን ለመነጋገር ዝግጁ ነን፤ ረቡዕ ብቻ ባይሆን።

ከአክብሮት ጋር፣

በጤና ጣቢያው ሰባት ቁጥር ክፍል የአእምሮ ጤና ክትትል ከነበራቸው ታካሚዎች አንዱ፣
ልብስ ሰፊና የሦስት ልጆች አባት